ኤሌክትሮኑ ወዴት እየሄደ ነው?

ኤርዊን ሽሮዲንገር እ.ኤ.አ. በ1926 የሞገድ እኩልታውን ሲያበጅ አንድ ነገር ይከነክነው ነበር፤ i የምትባለው፣ በራሷ ስትባዛ −1 የምትሰጠው ቁጥር። በዚያው ዓመት ለሆላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ለሄንድሪክ ሎረንዝ በጻፈው ደብዳቤ የኮምፕሌክስ ቁጥሮች መግባት ደስ እንዳላሰኘው አልደበቀም። ሊያስወጣቸው ፈልጎ ነበር፤ አልወጡለትም። ለምን እንዳልወጡ ለማየት በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ የሚጓዝ አንድ ኤሌክትሮን ይበቃናል።

የሞገድ ፈንክሽኑ በመስመሩ ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ኮምፕሌክስ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩን እንደ ትንሽ ቀስት እንሳለው፤ ርዝመት አለው፣ የሚያመለክተውም አቅጣጫ አለው። ማክስ ቦርን በዚያው በ1926 እንዳሳየው፣ የቀስቱ ርዝመት በራሱ ሲባዛ ኤሌክትሮኑ እዚያ አካባቢ የመገኘት ዕድሉን ይነግረናል። ስለ አቅጣጫው ግን ምንም አልተባለም። ብዙ ሰው ትምህርቱን እዚህ ላይ ያቆምና አቅጣጫው ለሒሳብ አመቺነት ብቻ የገባ ይመስለዋል።

አሁን ሦስት ኤሌክትሮኖችን እናስብ። የሦስቱም ቀስቶች ርዝመት አንድ ዓይነት ነው፤ መሃል ላይ ረዥም ሆነው ግራና ቀኝ እያጠሩ ይሄዳሉ፤ የስርጭቱ ስፋት አንድ ናኖሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያው ቀስቶች በሙሉ ወደ አንድ ጎን ያመለክታሉ። የሁለተኛው ወደ ቀኝ በሄድን ቁጥር ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ እየዞሩ በየአንድ ናኖሜትሩ አንድ ሙሉ ዙር ያጠናቅቃሉ። የሦስተኛውም እንዲሁ ይዞራሉ፣ ግን እንደ ሰዓት አዟዟር። እያንዳንዱን ደጋግመን አዘጋጅተን «የት ነህ?» ብንል ሦስቱም ያንኑ ጉብታ ይሰጡናል። እንቅስቃሴያቸው ግን አይገናኝም፤ የመጀመሪያው በአማካይ ቆሟል፣ ሁለተኛው በሴኮንድ 727 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛው በዚያው ፍጥነት ወደ ግራ ይሄዳል። ቁጥሩ የመጣው የፕላንክን ቋሚ አንድ ዙር ለሚፈጅበት ርቀት አካፍለን ሞመንተሙን ካገኘን በኋላ፣ ያንን ደግሞ ለኤሌክትሮኑ ክብደት በማካፈል ነው።

ቀስቶቹን በተራ ቁጥር ብንተካ ወደፊትና ወደኋላ ከማመልከት በቀር መዞር አይችሉም። የማይዞር ነገር ደግሞ በየት በኩል እንደዞረ አይናገርም። በስሌቱ የቀኝና የግራ ሞመንተም ሁልጊዜ እኩል ይወጣሉ፤ አማካዩም ዜሮ ይሆናል። i እንድትኖር ግድ ያለው ይህ ነው።

ቀስቶቹን አይተን የሞመንተሙን ሥዕል የምናወጣበት ስሌት ፉሪየር ትራንስፎርም ይባላል፦

φ(p) = (1/√(2πħ)) ∫ ψ(x) e^(−ipx/ħ) dx

ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ሥራው ግልጽ ነው። አንድ ሞመንተም p እንመርጣለን፤ በዚያ ሞመንተም ልክ እያንዳንዱን ቀስት ወደ ኋላ እናዞረዋለን፤ ከዚያ ሁሉንም እንደምራለን። የመረጥነው ሞመንተም ከቀስቶቹ ዙር ጋር ከገጠመ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይሰለፉና ድምሩ ትልቅ ይሆናል። ካልገጠመ ወዲያና ወዲህ እያመለከቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ። የድምሩ ርዝመት በራሱ ሲባዛ ያ ሞመንተም የመገኘት ዕድሉ ነው።

የሃይዘንበርግ እርግጠኛ ያለመሆን መርህም ከዚሁ ድምር ይወጣል። ጉብታው ሰፊ ከሆነ በጥቂቱ የተሳሳተ p እንኳ በርቀቱ ሁሉ ስህተቱ እየተጠራቀመ ቀስቶቹን ያጣፋቸዋል። ጠባብ ከሆነ ግን ስህተቱ ሳይጠራቀም ቀስቶቹ ያልቃሉ፤ ስለዚህ ብዙ ዓይነት p «ገጥሟል» ይባላል። በእኛ ኤሌክትሮን ስፋቱ አንድ ናኖሜትር ሲሆን ፍጥነቱ 58 ኪሎ ሜትር በሴኮንድ ያህል ይዋዥቃል፤ ስፋቱን በአሥር እጥፍ ብናጠበው መዋዠቁ 580 ይደርሳል። የመሣሪያ ጉድለት አይደለም፤ ቀስቶቹን ደምሮ ማየት ይበቃል።

እንግዲያው የቦታውንና የሞመንተሙን የዕድል ስርጭት ሁለቱንም ብንለካ ስለ ኤሌክትሮኑ ሁሉን አወቅን ማለት ነው? ቮልፍጋንግ ፓውሊ እ.ኤ.አ. በ1933 ይህን ጥያቄ አንስቶ ነበር። መልሱ አይደለም ነው። በአንደኛው ኤሌክትሮን ከመሃል በስተቀኝ ያሉት ቀስቶች የቀኝ ጉዞ ዙር፣ በስተግራ ያሉት የግራ ጉዞ ዙር ይኑራቸው፤ በሌላኛው ደግሞ ሁሉም ዙር ይገልበጥ። የቦታ ጉብታቸው አንድ ነው። የሞመንተም ጉብታቸውም አንድ ነው፤ በሁለቱም ቀኝ ሂያጅና ግራ ሂያጅ በእኩል መጠን አለና። የተለየው የትኛው ሞመንተም በየትኛው ወገን እንዳለ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ ሁለቱ ጉብታዎች ለየብቻ ሲታዩ አይናገሩም። ለመለየት ሁለቱን እንደገና አዘጋጅቶ፣ ጥቂት ቆይቶ ቦታቸውን መለካት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ጉብታ ሰፍቶ፣ የሁለተኛው ጠብቦ ይገኛል።