የባለሱቁ ሁለት ኪሶች
(በአቃቂ ቃሊቲ በወኪል ሱቅ ገንዘብ ስለማስገባትና ስለማውጣት)

ከመካከላችን ብዙዎቹ ለባለሱቅ ወኪል አምስት መቶ ብር ሲሰጡ፥ ሰውየው ገንዘቡን ተቀብሎ ማታ ወይም በማግሥቱ ወደ ባንክ የሚወስድላቸው ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ባለሱቁ ቢከስር ወይም ሱቁ ቢሰረቅ የእኛም ገንዘብ አብሮ በጠፋ ነበር። አሠራሩ ግን ሌላ ነው፤ ይህን አሠራር ያወቀ ሰው ስሕተት ሲደርስ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አይቸገርም።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ስለ ሞባይልና ስለ ወኪል ባንክ አገልግሎት ያወጣው መመሪያ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቢኢ ብርን በ2010 ዓ.ም. ጀመረ፤ የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ተከተለ። በኬንያ ኤምፔሳ በ1999 ዓ.ም. ሲነሣ መንገዱን የጠረጉት የስልክ ካርድ የሚሸጡት ትንንሽ ሱቆች ናቸው፤ በብራዚልም የሎተሪ መሸጫዎች ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለባንክ ቅርንጫፍ ሕንፃ፥ ዘበኛና ገንዘብ ከፋይ ያስፈልጋል፤ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ስኳርና ሳሙና የሚሸጠው ሱቅ ግን ቀድሞውኑ እዚያው አለ፥ ማታም እስኪመሽ አይዘጋም።

ወኪል የሆነው ባለሱቅ ሁለት ኪስ አለው እንበል። አንዱ የጥሬ ብሩ መሳቢያ ነው። ሁለተኛው በስልኩ ውስጥ የተመዘገበው ሒሳብ ነው፤ ይህንንም የሚሞላው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የራሱን ገንዘብ አስቀድሞ ከፍሎ ነው። እንግዲህ ደንበኛው «አስገባልኝ» ብሎ አምስት መቶ ብር ሲሰጠው፥ ባለሱቁ ከስልኩ ኪስ አምስት መቶ ወደ ደንበኛው ስልክ ያዛውርና ጥሬውን ብር ለራሱ ያስቀራል። ይህ አደራ ሳይሆን ልውውጥ ነው። ልውውጡ ካለቀ በኋላ መሳቢያው ውስጥ ያለው ብር የባለሱቁ ነው፤ ሌባ ቢወስደውም የተጎዳው እርሱ እንጂ ደንበኛው አይደለም።

ማውጣት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ነገር ግን አንድ ልዩነት አለው። ሲያስገቡ ቁጥሩን የሚመታው ባለሱቁ ሲሆን ሲያወጡ ግን የሚመታው ደንበኛው ነው። ለምሳሌ ቴሌብር ያለው ሰው በራሱ ስልክ *127# ይደውላል፥ ማውጣትን ይመርጣል፥ በሱቁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የወኪል ቁጥርና የሚፈልገውን መጠን ያስገባል፥ በመጨረሻም የሚስጥር ቁጥሩን ይመታል። ሒሳቡ ወደ ባለሱቁ ስልክ ሲገባ ባለሱቁ ከመሳቢያው ጥሬ ብር ይሰጠዋል።

አሁን አንድ ቀን በምሳሌ እንከተል። ባለሱቁ ጧት በስልኩ 12,000 ብር፥ በመሳቢያው 8,000 ብር አለው፤ ድምሩ 20,000 ነው። አንዲት አትክልት ነጋዴ መጥታ 1,500 ታስገባለች፤ ስልኩ 10,500፥ መሳቢያው 9,500 ይሆናል። ከቂሊንጦ ፋብሪካ የወጣ ሠራተኛ ደግሞ 2,000 ያወጣል፤ ስልኩ 12,500፥ መሳቢያው 7,500 ይሆናል። ድምሩ አሁንም 20,000 ነው። መቶ ሰው ቢመጣም ድምሩ ከዚህ አይነቃነቅም (ኮሚሲዮኑን ለብቻው ካስቀመጥነው)። ጠንቃቃ ወኪል በቀን አንዴ ብቻ ሳይሆን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ሁለቱን ኪሶች የሚደምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ድምሩ ባይገጥምስ? እዚህ ላይ የጉድለቱ መጠን ራሱ ይናገራል። ባለሱቁ 300 ብር ተቀብሎ በስሕተት 3,000 ቢልክ፥ ስልኩ በ3,000 ይቀንሳል፥ መሳቢያው በ300 ብቻ ይጨምራል፤ ማታ 2,700 ይጎድለዋል። 450 ሊል 540 ቢመታ ጉድለቱ 90 ይሆናል። 2,700ም ሆነ 90 ለ9 ሲካፈሉ ቀሪ የላቸውም፤ ዜሮ ሲጨመር ወይም ጎረቤታም አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። የድሮ ሒሳብ ያዦች ይህን ዘዴ ያውቁት ነበር፤ እኔም የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ብሆን ሳልደነቅበት አላለፍኩም። ጉድለቱ በመዝገቡ ላይ ካለ ከአንዱ ክፍያ ጋር እኩል ከሆነ ደግሞ፥ መስመር ሲዳከም «አልሄደም» ተብሎ ሁለት ጊዜ የተላከ ክፍያ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ስለዚህም ስልኩ ዝም ባለ ጊዜ ዳግመኛ ከመላክ በፊት ቀሪ ሒሳብን ማየት ይሻላል።

ድምሩ የማይገልጠው ስሕተት ግን አለ፤ ይኸውም በመጠኑ ሳይሆን በስልክ ቁጥሩ ላይ የደረሰ ስሕተት ነው። ነጋዴዋ የሰጠችው 1,500 አንድ አኃዝ ስቶ ወደ ሌላ ሰው ቢሄድ፥ ከባለሱቁ ስልክ 1,500 ቀንሷል፥ መሳቢያውም 1,500 ጨምሯል፤ ድምሩ 20,000 ነው። ባለሱቁ ማታ ደስ ብሎት ይዘጋል። ይህን ስሕተት ሊይዝ የሚችለው ደንበኛው ብቻ ነው፥ እርሱም ከሱቁ ደጃፍ ሳይርቅ። «ጋሼ፥ እስቲ ቁጥሩን መልሰው ያንብቡልኝ» ማለት ነውር የለበትም፤ ስም በስክሪኑ ላይ ከወጣም ስሙን መጠየቅ ይገባል። ከዚያም የራስ ስልክ ላይ ገንዘቡ መግባቱን ሳያዩ መሄድ አይገባም።

ስሕተቱ ከደረሰ ባለሱቁ በራሱ ሥልጣን ገንዘቡን መመለስ አይችልም፤ ልውውጡ ከእጁ ወጥቷል። የሚደረገው በመልእክቱ ላይ ያለውን የክፍያ ቁጥር ይዞ ወዲያው ለአገልግሎት ሰጪው መደወል ነው፤ ለቴሌብር 127 ነው። ወዲያው የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገንዘቡ የደረሰው ሰው ካወጣው በኋላ በሒሳቡ ላይ የሚታገድ ነገር አይኖርምና።

ባለሱቁም የሚጠነቀቅበት አለ። አንዳንድ አታላይ «ልኬልሃለሁ» ብሎ ከአገልግሎት ሰጪው የመጣ የሚመስል መልእክት ያሳያል። መልእክት ማንም ሊጽፍ ይችላል፤ ቀሪ ሒሳብን ግን አይጽፍም። ስለዚህ ወኪሉ ጥሬ ብር ከማውጣቱ በፊት የሚያየው የሰውየውን ስልክ ሳይሆን የራሱን ቀሪ ሒሳብ ነው።

ደመወዝ በሚከፈልበት ሰሞን ሱቁ «ጥሬ ብር የለም» ሲል ብዙ ሰው ይቆጣል። ነገሩን ግን በሁለቱ ኪሶች ማየት ነው፤ የፋብሪካው ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ቀን ሲያወጣ መሳቢያው ይራቆታል፥ ስልኩ ይሞላል፤ ባለሱቁ ሄዶ የስልኩን ሒሳብ በጥሬ ብር እስኪለውጥ ድረስ ማውጣት አይቻልም። በዚያው ሰዓት ግን ማስገባት ለሚፈልግ ሰው በሩ ክፍት ነው፤ እንዲያውም ባለሱቁ በደስታ ይቀበለዋል።

በመጨረሻ ስለ ሚስጥር ቁጥር። በሠፈራችን ዓይናቸው የደከመ እናቶች ስልኩን ከነቁጥሩ ለባለሱቁ ሰጥተው «አንተው አውጣልኝ ልጄ» ሲሉ ይታያል። ባለሱቁ 1,000 አውጥቶ 800 ቢሰጣቸው፥ ትርፉን 200 በኪሱ ከከተተ ድምሩ ይገጥማል፥ መዝገቡም ንጹሕ ነው፤ በሥርዓቱ ዘንድ ገንዘቡን ያወጡት እናቲቱ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ለእናቶቻችን ማንበቡንና መደወሉን የምናግዛቸው እኛ ብንሆን፥ የሚስጥር ቁጥሩን ግን በራሳቸው ጣት ቢመቱ ነው የሚበጀው።