የግምጃ ቤት ሰነድ ዋጋና እውነተኛ ትርፉ

የአሜሪካ መንግሥት ከአንድ ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ከሕዝብ ሲበደር የግምጃ ቤት ሰነድ ይሸጣል። በዚህ መንገድ መሸጥ የተጀመረው በታኅሣሥ 1929 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ ዛሬ ወረቀቱ ቀርቶ ግዢው የሚመዘገበው በኮምፒውተር መዝገብ ላይ ብቻ ነው። ሰነዱ እንደ ቦንድ በየጊዜው ወለድ አይከፍልም። ገዢው ከሙሉ ዋጋው ያነሰ ገንዘብ ከፍሎ ይወስደዋል፤ ቀኑ ሲደርስ ሙሉውን ዋጋ ይቀበላል። በከፈለውና በተቀበለው መካከል ያለው ልዩነት ትርፉ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው። ግር የሚለው ያ ልዩነት በመቶኛ ሲነገር ነው፤ ለአንድ ሰነድ በአንድ ቀን፣ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት የተለያዩ መቶኛዎች ይወጣሉና። መንግሥት የጨረታ ውጤት ሲያወጣ High Rate በሚለው መስመር አንድ ቁጥር፣ Investment Rate በሚለው መስመር ደግሞ ከፍ ያለ ሌላ ቁጥር ያስቀምጣል። የመጀመሪያው የቅናሽ ምጣኔ ነው፤ የሚያገለግለው የሰነዱን ዋጋ ለማስላት ነው። ገንዘቡ ምን ያህል እንዳፈራ የሚነግረው ሁለተኛው ነው። ሁለቱን ማምታታት ብዙዎች የሚወድቁበት ስሕተት ስለሆነ፣ አንዱ ከሌላው እንዴት እንደሚወጣ በቁጥር ማየት ይጠቅማል።

ሙሉ ዋጋው 10,000 ዶላር፣ ዕድሜው 91 ቀን የሆነ ሰነድ በጨረታ በ5 በመቶ የቅናሽ ምጣኔ ተሸጠ እንበል። በጨረታው ትልልቅ ገዢዎች የሚያቀርቡት ዋጋ ሳይሆን ምጣኔ ነው። መንግሥት ከዝቅተኛው ምጣኔ ጀምሮ ወደ ላይ እየተቀበለ የሚፈልገው መጠን ሲሞላ ያቆማል፤ የቆመበት ምጣኔ ለሁሉም አሸናፊ ይሠራል። ተራው ገዢ ከ100 ዶላር ጀምሮ መግዛት ይችላል፤ ምጣኔ ሳያቀርብም ጨረታው የወሰነውን ተቀብሎ ይገባል። የሚከፍለው ዋጋ እንዲህ ይሰላል፦

```
P = F × (1 − d × t / 360)
```

`F` ሙሉው ዋጋ፣ `d` የቅናሽ ምጣኔው፣ `t` እስከ መክፈያው ያሉት ቀናት ናቸው። 10,000 በ0.05 ተባዝቶ፣ በ91 ተባዝቶ፣ ለ360 ሲካፈል 126.39 ዶላር ይሆናል። ይህ ከሙሉ ዋጋው ሲቀነስ ገዢው የሚከፍለው 9,873.61 ዶላር ነው። በውጤቱ ገጽ ላይ ዋጋው ለእያንዳንዱ 100 ዶላር 98.736111 ተብሎ ይጻፋል።

በዚህ ስሌት ውስጥ ሁለት ነገሮች ልብ ይባላሉ። አንደኛ፣ 5 በመቶው የተወሰደው ከ10,000 ዶላር ላይ ነው። ገዢው ግን 10,000 ዶላር አላወጣም፤ ያወጣው 9,873.61 ነው፤ 126.39 ዶላሩን ያፈራለትም ይኸው ያወጣው ገንዘብ ነው። ሁለተኛ፣ ዓመቱ 360 ቀን ተደርጎ ተቆጥሯል። ልማዱ የመጣው ባንኮች ስሌትን በእጅ ከሚሠሩበት ዘመን ነው፤ 360 ለብዙ ቁጥሮች እኩል ስለሚካፈል ሥራውን ያቀልል ነበር። ሁለቱም ልማዶች ምጣኔውን ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎትቱታል፤ እውነተኛውን ትርፍ አሳንሰው ያሳያሉ።

ማስተካከያው ሁለቱን መመለስ ነው። ትርፉ ለተከፈለው ገንዘብ ይካፈላል፤ ከዚያ በእውነተኛው የዓመት ቀን ቁጥር ወደ ዓመት ይሰፋል፦

```
i = (F − P) / P × 365 / t
```

126.39 ለ9,873.61 ሲካፈል 0.0128007 ይሰጣል። ይህ የ91 ቀን ትርፍ ነው፤ ከመቶ 1.28 ገደማ። በ365 ተባዝቶ ለ91 ሲካፈል 5.134 በመቶ ይሆናል። የጨረታው ቁጥር 5 በመቶ ቢልም ገንዘቡ የሠራው በዓመት 5.134 በመቶ ሂሳብ ነው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለያይቶ ማየትም ይቻላል። 360ውን ወደ 365 መመለስ ብቻውን ምጣኔውን ወደ 5.069 ያደርሰዋል፤ የቀረው የሚመጣው ከሙሉ ዋጋው ይልቅ ለተከፈለው ገንዘብ ከማካፈል ነው። በዚህ ምሳሌ ሁለቱ ድርሻቸው እኩል ሊባል ምንም አይቀረውም።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይደለም። የቀን ቁጥሩ የሚጨምረው ድርሻ ቋሚ ሲሆን፣ ሁለተኛው ምጣኔው ሲጨምርና ዕድሜው ሲረዝም ያድጋል። ምጣኔው ግማሽ በመቶ በሆነበት ጊዜ የዚሁ የ91 ቀን ሰነድ እውነተኛ ትርፍ 0.508 በመቶ ነው፤ ልዩነቱን ማንም ልብ አይለውም። በ1981 የአሜሪካ ወለድ ሰማይ ነክቶ የአጭር ጊዜ ሰነዶች ከ15 በመቶ በላይ ሲሸጡ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የ91 ቀን ሰነድ በ15 በመቶ ቅናሽ ሲገዛ እውነተኛ ትርፉ 15.81 በመቶ ይሆናል። የቅናሽ ምጣኔን እንደ ትርፍ ቆጥሮ ከሌላ ብድር ጋር ያወዳደረ ሰው በዚያን ጊዜ ከመቶ ዶላር አንድ ሳንቲም የማይሞላ ሳይሆን ከመቶ ዶላር ሰማንያ ሳንቲም ያህል ይሳሳት ነበር።

አንድ ሰው በራሱ አስልቶ ያገኘው ቁጥር ከታተመው Investment Rate ጋር በጥቂቱ ካልተስማማ መጀመሪያ የሚመለከተው የካቲት መጨረሻን ነው። ሰነዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በሚቆጠረው አንድ ዓመት ውስጥ ፌብሩዋሪ 29 ካለ፣ የአሜሪካ ግምጃ ቤት በ365 ፋንታ 366 ይጠቀማል። ሰነዱ ራሱ ያ ቀን ሳይደርስ የሚከፈል ቢሆንም ደንቡ አይለወጥም። ከላይ ባለው ምሳሌ 366 ሲገባ 5.134 ወደ 5.148 ይወጣል። ገዢው ያገኘው ዶላር ግን ያው 126.39 ነው፤ የተለወጠው የዓመቱ ስፋት ብቻ ነው።

ቀላሉ ስሌት የሚሠራው ዕድሜያቸው ከግማሽ ዓመት ለማይበልጥ ሰነዶች ነው። የ26 ሳምንቱ ሰነድ 182 ቀን ስለሆነ ከዚህ ወሰን ውስጥ ይገባል። የ52 ሳምንቱ፣ ማለትም የ364 ቀኑ፣ ያልፋል፤ ምክንያቱም ማብራሪያ ይፈልጋል። ትርፉ የሚነጻጸረው ከመንግሥት ቦንድ ጋር ነው። ቦንድ በየስድስት ወሩ ወለድ ይከፍላል፤ የቦንድ ባለቤት የግማሽ ዓመቱን ወለድ ተቀብሎ መልሶ ሊያሠራው ይችላል። የ52 ሳምንት ሰነድ ባለቤት ግን እስከ መጨረሻው ምንም አይቀበልም። ንጽጽሩ ፍትሐዊ እንዲሆን በመካከል ወለድ እንደተከፈለና እሱም ተመልሶ እንደሠራ ተደርጎ መቆጠር አለበት።

የ364 ቀን ሰነድ በ5 በመቶ ቅናሽ ሲሸጥ ቅናሹ 505.56፣ ዋጋው 9,494.44 ዶላር ነው። በቀላሉ ስሌት ትርፉ 5.339 በመቶ ይመስላል። ግምጃ ቤቱ የሚያወጣው ግን ወደ 5.270 የወረደውን ቁጥር ነው። እሱን ለማግኘት የሚፈታው እኩልታ ይህ ነው፦

```
P × (1 + i/2) × (1 + i × (t − 182.5) / 365) = F
```

እኩልታው `i` በራሱ የተባዛበት ስለሆነ በአንድ ማካፈል አይፈታም፤ ትክክለኛነቱን መመርመር ግን ቀላል ነው። በ5.270 በመቶ ምጣኔ 9,494.44 ዶላር በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት 250.19 ዶላር ያፈራል። በቀሩት 181.5 ቀናት መነሻውም የመጀመሪያው ወለድም አብረው ሠርተው 255.37 ያፈራሉ። ሁለቱ ሲደመሩ 505.56 ይሆናሉ፤ ሂሳቡ ገጠመ። ወለዱ ራሱ ወለድ ስለሚያፈራ እዚያው ለመድረስ ዝቅ ያለ ምጣኔ በቂ ነው። በ52 ሳምንት ሰነድ ላይ የአጭሩን ስሌት የተጠቀመ ሰው ስለዚህ ትርፉን ከቦንድ አንጻር አስበልጦ ያያል።

ከጨረታው በኋላ ሰነዶቹ በገበያ ሲገበያዩም የሚጠሩት በቅናሽ ምጣኔ ነው፤ ይህም ሌላ ግርታ ይፈጥራል። ነጋዴው «በ5.00 እገዛለሁ፣ በ4.98 እሸጣለሁ» ሲል ለአዲስ ሰው የሚከስር ይመስላል። ነገር ግን ምጣኔው ሲያንስ ዋጋው ይጨምራል። የ91 ቀኑን ሰነድ በ5.00 ሲገዛ 9,873.61 ይከፍላል፤ በ4.98 ሲሸጥ 9,874.12 ይቀበላል። ሃምሳ አንድ ሳንቲሟ የእሱ ትርፍ ናት። የቅናሽ ምጣኔ የዋጋ ሌላ ስም መሆኑ እዚህ ላይ ከየትኛውም ቦታ በላይ ይታያል።

ገንዘቡን በባንክ ቁጠባ ማስቀመጥና ሰነድ መግዛት ለሚያመዛዝን ሰው አንድ እርምጃ ይቀራል። በአሜሪካ ባንኮች ለቁጠባ የሚያስታውቁት ዓመታዊ ምጣኔ የወለድ ወለድን ጨምሮ ነው። አንድ ባንክ 5.20 በመቶ ቢያስታውቅ ከጨረታው 5.00ም ሆነ ከተስተካከለው 5.134 የበለጠ ይመስላል። የ91 ቀኑን ትርፍ በየሦስት ወሩ መልሶ እያሠሩ ዓመት ቢሞላው ግን ውጤቱ 5.234 ይደርሳል። ይህ የሚሆነው ታዲያ በየሦስት ወሩ የሚገዛው አዲስ ሰነድ በዚያው ምጣኔ ከተገኘ ነው፤ ምጣኔው ከወረደ ይህ ቁጥር አይደረስበትም። በሌላ በኩል የሰነዱ ትርፍ የፌዴራል ግብር ቢከፈልበትም ከክፍለ ግዛትና ከከተማ የገቢ ግብር ነጻ ነው። በሜሪላንድ ወይም በካሊፎርኒያ እንደሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን የክፍለ ግዛት ገቢ ግብር ለሚከፍል ሰው ይህ ነጻነት ከመቶኛዎቹ ጥቃቅን ልዩነት ይልቅ ሊመዝን ይችላል።

እነዚህ ሁሉ ስሌቶች የሚጸኑት ሰነዱ እስከ መክፈያ ቀኑ ከተያዘ ነው። ባለቤቱ በመካከል ገንዘቡን ፈልጎ ከሸጠው ትርፉ የሚወሰነው በዚያን ቀን ባለው ዋጋ ይሆናል። ያኔ በስሌቱ ውስጥ በ`F` ቦታ የተሸጠበት ዋጋ፣ በ`t` ቦታ ደግሞ ሰነዱ በእጁ የቆየባቸው ቀናት ይገባሉ፤ በዚያ መካከል የገበያው ምጣኔ ከፍ ብሎ ከነበረ ውጤቱ በግዢው ቀን ከታተመው Investment Rate ያነሰ ይሆናል።