የአያት ቡና በጣሊያንኛ፦ የአንድ አንቀጽ ትርጉም

ጣሊያናዊ አንባቢ ቡና ያውቃል። ስለ አያት ቡና የሚያወራ የድሬዳዋ አጭር ልብ ወለድ ወደ ጣሊያንኛ ሲመለስ ተርጓሚውን የሚያስቸግረው ይኸው እውቀት ነው። ቡናን ጨርሶ የማያውቅ ሰው የተጻፈለትን ሁሉ እንዳለ ይቀበላል። ጣሊያናዊው ግን ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ቡና አለው። አንዱ በ1933 እ.ኤ.አ. የተፈለሰፈችውና ዛሬ በየኩሽናው ያለችው የአልሙኒየም ሞካ ናት፤ ሌላው ባንኮኒ ተደግፎ በሁለት ጉንጭ የሚጨልጠው ኤስፕሬሶ ነው። «ቡና» የሚል ሲያነብ ሳያስበው የራሱን ቡና ያስገባል። ስለዚህ የባህል ማብራሪያ የሚጻፈው አንባቢው ምንም በማያውቅበት ቦታ ሳይሆን በተሳሳተ መንገድ በሚያውቅበት ቦታ ነው።

ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ለማሳየት ለዚሁ ጽሑፍ ብዬ ያዘጋጀሁትን አንድ አንቀጽ እንያዝ። ተራኪው ልጅ ነው፤ ቦታው ድሬዳዋ ነው።

«አያቴ ቡና ለቀማ ስትውል እጇ አመድ ይመስላል። በዐሥር ሰዓት ትመጣለች። ጫማዋን ሳታወልቅ ‹ያን ከሰል አያይዘው አቦ› ትለኛለች። ለቡናው ቁርስ ቆሎ ካለ ቆሎ፣ ከሌለ የትናንት ዳቦ ታቀርባለች። ዕጣኑ ሲጤስ የግቢው ሴቶች ሳይጠሩ ይመጣሉ። የአጎቴን ስም የምታነሣው በሦስተኛው ስኒ ላይ ብቻ ነው።»

ቋንቋው ቀላል ነው፤ መዝገበ ቃላት የሚያስገልጥ ቃል የለበትም። መዝገበ ቃላት ይዞ በጥድፊያ የሚሠራ ተርጓሚ ግን ከስድስቱ ዓረፍተ ነገሮች ቢያንስ በአራቱ ይስታል። የሚስተውም በቀላሎቹ ቃላት ነው።

«ለቀማ» ላይ እንጀምር። መዝገበ ቃላቱ ለመልቀም «ራኮልታ» ይላል። ጣሊያናዊው «ራኮልታ» ከሚለው ቃል ጋር ሲገናኝ አያቲቱን ዛፍ ሥር ቆማ፣ ቅርጫት በክንዷ አንጠልጥላ፣ ቀይ ፍሬ ስትቀጥፍ ያያታል። ድሬዳዋ ግን ቆላ ናት፤ ቡናው የሚበቅለው ከበላይዋ በሐረርጌ ደጋ ነው። ከተማዋ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች የንግድ ከተማ ስለሆነች፣ ቡናው ወደ እሷ ወርዶ ይበጠራል፣ ይለቀማል፣ ወደ ውጭ ይላካል። የለቀማው ሥራ የተሰበረውን፣ የጠቆረውንና ነፍሳት የበሳውን ፍሬ ከጤናማው መለየት ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሴቶች ሥራ ነው። የሐረር ቡና ከነገለባው ደርቆ የሚፈለፈል ስለሆነ አቧራው ብዙ ነው፤ እጇ አመድ የመሰለው ከዚህ የተነሣ ነው። ትክክለኛው የጣሊያንኛ ቃል «ቼርኒታ» ነው፤ ፍሬ አንድ በአንድ እየለዩ ማውጣትን ያመለክታል። ቃሉ ከተስተካከለ አቧራውም ከተማውም በየቦታቸው ይገባሉ። «ራኮልታ» ከተባለ ግን አያቲቱ ገበሬ ትሆናለች፤ የእጇ አመድም ምክንያት ያጣል። እዚህ ላይ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ የተፈለገው ቃሉን ማወቅ ብቻ ነበር።

«በዐሥር ሰዓት» ከሁሉ የተለመደው ስሕተት ነው። በቀጥታ ተገልብጦ «አሌ ዲየቺ» ሲባል አያቲቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ወደ ቤት ገባች ማለት ነው፤ የሥራ ቀኗም ገና ሳይጀመር አለቀ። በጣሊያን አቆጣጠር «አሌ ኳትሮ»፣ ማለትም ከቀትር በኋላ አራት ሰዓት መባል አለበት። የአንዳንድ ተርጓሚዎች ልማድ ሰዓቱን እንዳለ ትቶ ስለ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያስረዳ ማስታወሻ ማስገባት ነው። እኔ ይህን አልደግፍም። ሰዓቱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው አገልግሎት የድካሙን ልክ መንገር ነው፤ አንባቢው ደግሞ ስድስት እየቀነሰና እየደመረ ድካም አይሰማውም። ዓመተ ምሕረት የተጠቀሰ ከሆነም እንደዚሁ ነው፦ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ተጨምሮ በጽሑፉ ውስጥ ይገባል እንጂ ወደ ግርጌ አይወርድም።

«የቡና ቁርስ» በጣሊያንኛ «ኮላዚዮኔ» አይደለም። «ኮላዚዮኔ» ጠዋት ከአፍ የሚገባው የመጀመሪያው ምግብ ነው፤ ሰዓቱን በትክክል «ኳትሮ» ያለ ተርጓሚ እዚህ ላይ ሲስት አንባቢው ከሰዓት በኋላ ለምን ጠዋት እንደሆነ ግራ ይገባዋል። «ከቡናው ጋር» ማለት ይበቃል፤ ቀጥሎ ያለው ቆሎና የትናንት ዳቦ ቀሪውን ይናገራል። ቆሎውንም «የተቆላ ገብስ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ጣሊያን ውስጥ ከተቆላ ገብስ የሚፈላ የቡና ምትክ «ኦርዞ» እየተባለ ስለሚጠጣ ግን፣ «በእፍኝ የሚቆረጠም» የሚል ሐረግ ካልታከለበት አንባቢው ሌላ መጠጥ የቀረበ ሊመስለው ይችላል።

ዕጣን «ኢንቼንሶ» ነው፤ ሌላ ቃል የለውም። ጣሊያናዊው ግን ኢንቼንሶን የሚያውቀው ከካቶሊክ ቅዳሴ ነው። ስለዚህ በድሬዳዋ ግቢ ጭሱ ሲነሣ ጸሎት የተጀመረ ይመስለዋል። አያቲቱ ሙስሊም ልትሆን ትችላለች፣ ክርስቲያንም ልትሆን ትችላለች፤ ዕጣኑ ግን የሁለቱም ቤት ነው። መፍትሔው ዕጣኑን ከመሠዊያው አውርዶ ወደ ምድጃው ማምጣት ነው፦ «ከከሰሉ ፍም ላይ ሁለት ፍሬ ዕጣን ጣል ታደርጋለች» ቢባል የቤት ሥራ መሆኑ ይታያል። የተጨመረው ጥቂት ቃል ነው፤ ደራሲው ያላለው ግን አልተባለም፤ ከሰሉ ከላይ በአያቲቱ ትእዛዝ ተጠቅሷልና።

በዚያው ትእዛዝ ውስጥ ለዓይን የማይታይ ነገር አለ። «አያይዘው» የሚለው ቃል ተራኪው ወንድ ልጅ መሆኑን ይነግረናል፤ ሴት ብትሆን «አያይዢው» ትባል ነበር። የጣሊያንኛው ትእዛዝ «አቼንዲ» ግን ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ታሪኩ ስለ ጠፋ አጎት ከሆነ የልጁ ወንድነት ዋጋ አለው፤ አያቲቱ ልጁን ስታይ ማንን እንደምታይ አንባቢው መገመት አለበት። ስለዚህ ተርጓሚው ጾታው የሚለይበትን ቅርጽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያስገባዋል፤ ለምሳሌ «ተቀምጬ» ሲል «ሴዱቶ» እንጂ «ሴዱታ» እንዳይል። አንዱ ቋንቋ በአንድ ቦታ የነሣውን በሌላ ቦታ መመለስ ይቻላል።

«አቦ»ን ግን እንዳለች እተዋታለሁ። «ዳይ» የሚለው የጣሊያንኛ ቃል ስሜቷን ይሸከማል፤ ድሬንና ሐረርን ግን አይሸከምም። ከትእዛዙ ጫፍ መቀመጧ ብቻ ምን እንደምትሠራ ስለሚያሳይ ማብራሪያ አልጽፍላትም። ስለ አክብሮት ደግሞ ድሬዳዋ ለተርጓሚ ታግዛለች። የድሬ ልጅ «አንቱ» ማለት አያበዛም፤ ለአያቱ «አንቺ» ቢል ማንም አይቆጣውም፤ ጣሊያናዊም ዛሬ አያቱን በ«ቱ» ነው የሚያናግራት። ታሪኩ የጎንደር ቢሆን ኖሮ «እርስዎ»ን የሚተካ ነገር ሲፈለግ፣ ዛሬ በደቡብ ጣሊያን አረጋውያን ዘንድ ወደቀረው «ቮይ» መሄድ ይመጣ ነበር።

አሁን ሦስተኛው ስኒ ላይ ደርሰናል፤ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ብቸኛው ቦታ ይህ ነው። ስኒ «ታጺና» ይባላል፤ በመጠን ይመሳሰላሉ። ነገር ግን ጣሊያናዊው «ሦስት ታጺና» ሲያነብ ሦስት ኤስፕሬሶ ይቆጥራል፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አያቲቱ በቡና ኃይል ልቧ እየመታ፣ ምላሷ ተፈትቶ የልጇን ስም ያወጣች ይመስለዋል። የታሪኩ ትርጉም እዚህ ላይ ተገለበጠ። አቦል፣ ቶናና በረካ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዱቄት የሚወጡ ናቸው፤ በየዙሩ ውሃ ይጨመራል፤ ቡናው እየቀጠነ ይሄዳል። በረካ ቀጭኑ ነው፤ ምርቃት የሚወርድበትም እሱ ነው፤ እንግዳ እሱን ሳይጠጣ ቢነሣ ደስ አይልም። አያቲቱ የምትናገረው ቡናው ስለበረታ ሳይሆን በዙሪያዋ የቀሩት ሴቶች እስከ ምርቃቱ የቆዩት ስለሆኑ ነው። ይህን የማያውቅ አንባቢ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በተቃራኒው ያነበዋል።

ስለዚህ እዚህ ላይ ቁጥር ተሰጥቶ ግርጌ ይኬዳል። ማስታወሻው ከሁለት መስመር አይበልጥም፦ «ከአንዱ ዱቄት ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ በየጊዜው ይቀጥናል። ሦስተኛው በረካ ይባላል፤ ምርቃት ማለት ነው፤ ከእሱ በፊት መነሣት ነውር ነው።» የቡናን ታሪክ፣ የካፋን ስም፣ የፍየል እረኛውን አፈ ታሪክ እዚህ ማስገባት ያጓጓል፤ ግን አንባቢውን ስሙ ሊጠራ ሲል ከግቢው ያስወጣዋል። ጀበና በአንቀጹ ብትጠቀስ ኖሮም ማስታወሻ አያሻትም፤ «ካፌቲየራ» ከተባለች ሞካ ትሆናለች፣ «ጀበና» ተብላ «የሸክላዋ» የሚል ቅጽል ከፊቷ ቢገባ ግን ትታያለች። አጻጻፏ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ ልማድ በ«ጄይ» ፊደል ከተጻፈች ጣሊያናዊው «የበና» ብሎ ያነባታል፤ በጣሊያንኛ «ጂ» ፊደል ከ«ኤ» በፊት ስትመጣ ግን ልክ እንደኛ «ጀ» ትላለች። በረካም እንደዚሁ በሁለት «ቺ» ከተጻፈ «ባራካ» ከሚለው፣ የቆርቆሮ ጎጆ ከሚያመለክተው የጣሊያንኛ ቃል ጋር ይቀላቀላል፤ በ«ካፓ» ፊደል መጻፍ ይሻላል።

ይህን መንገድ የጀመረው ትውልድ ለድሬዳዋ ሩቅ አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በናፖሊ የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ ያስተምሩ በነበረበት ዘመን፣ በ1908 እ.ኤ.አ.፣ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለውን «ልብ ወለድ ታሪክ» ሮም ላይ አሳተሙ፤ በኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ሠርተዋል። ዛሬም በናፖሊው ተቋም አማርኛ ይሰጣል። ከሌላው ወገን ደግሞ ጋብሪኤላ ገርማንዲ አለች፤ አዲስ አበባ ተወልዳ ቦሎኛ የምትኖር ደራሲ ናት። በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን የኢትዮጵያ ታሪኮች የሚተረኩበት ልብ ወለድ በቀጥታ በጣሊያንኛ ጻፈችው። ተርጓሚ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ቢያነብ ይጠቀማል፤ ጣሊያንኛው ራሱ ለኢትዮጵያዊ ቤት ምን ያህል ቦታ እንደሚሰጥ ያይበታልና።

ረቂቁ ሲያልቅ ሁለት አንባቢ ይፈለጋል። የመጀመሪያው ኢትዮጵያን የማያውቅ ጣሊያናዊ ነው፤ ማስታወሻውን ሸፍኖ ያነብና አያቲቱ የአጎቱን ስም ለምን ሦስተኛው ስኒ ላይ እንዳነሣች ይጠየቃል። «ቡናው ስለበረታ» ካለ ሥራው አላለቀም፤ የሚስተካከለው ማስታወሻው ሳይሆን ከፊቱ ያለው ዓረፍተ ነገር ነው። ምናልባት «ውሃ የሚመስለውን ሦስተኛ ስኒ ስትቀዳ» የሚል ሐረግ ገብቶ ማስታወሻውን ያሳጥረዋል። ሁለተኛው አንባቢ ጣሊያንኛ የሚያውቅ የድሬ ሰው ነው፤ ለእሱ የሚቀርበው ጥያቄ ደግሞ አያቲቱ የትኛው ሰፈር እንደምትኖር ነው። ከዚራ ወይም መጋላ ብሎ ከመለሰ፣ ወይም ሁለቱንም አይደለም ብሎ ከተከራከረ፣ ትርጉሙ ወደ ማተሚያ ቤት መሄድ ይችላል።