መልሱ ያለው ከተናጋሪው አፍ ነው

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴኒ ዲዴሮ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስለ አንድ ግብዣ ጽፏል። ማዕድ ላይ የተሰነዘረበት ነገር ቃል አሳጣው፤ ሐሳቡ የተመለሰለት ደረጃውን ወርዶ ከጨረሰ በኋላ ነበር። ብዙዎቻችንም «ምነው እንዲህ ባልሁት!» የምንለው ቤታችን ከገባን በኋላ ነው።

ሰው ነገር ሲሰነዘርበት ሐሳቡ ክብሩን ወደ መከላከል ይሮጣል። «ሰዎቹ ምን ይሉኛል?» እያለ ሲጨነቅ የተባለውን በቅጡ አይሰማም። ጨዋታ አዋቂ ግን መልሱን የሚያገኘው ከዚያው ከተባለው ነው።

ሁልጊዜ የሚያረፍድ ሠራተኛ አንድ ቀን ቢሮ በጊዜ ገባ እንበል። ባልደረባው በሰው ፊት «ዛሬስ ፀሐይ በምዕራብ ወጣች እንዴ?» አለው። «አንተስ በጊዜ እየመጣህ ምን ሠራህ?» ቢለው መልሱ ፈጣን ነው፤ ግን የሰውየውን ሥራ አዋርዷል፤ ጨዋታውም ወደ ጠብ ይሄዳል። «ታክሲ ቶሎ አግኝቼ ነው» ቢል ራሱን ተከሳሽ ያደርጋል። «አዎ፤ ግን አትስጋ፣ ነገ ወደ ቦታዋ እመልሳታለሁ» ቢል ግን ለካፊውም ጭምር ይስቃል።

ይህ መልስ የተሠራው በሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ተናጋሪው ያጋነነውን ነገር ያዘ፤ ፀሐይዋን ማለት ነው። ቀጥሎ አልካደውም፤ «አዎ» ብሎ ተቀበለና አንድ እርምጃ ወደፊት ገፋው። ነገም እንደሚያረፍድ ራሱ ስለተናገረ ቀልዱ ያረፈው በራሱ ላይ ነው፤ ማንም አልተጎዳም።

ጭካኔ የሚገባው ቀልዱ የሚያርፍበት ቦታ ሲሳሳት ነው። የተባለው ነገር፣ አጋጣሚው ወይም የራስ ጠባይ ቢነካ ማንንም አያቆስልም። የሰው መልክ፣ ድህነት፣ ልጅ ማጣት ወይም ዘር ግን የጨዋታ ዕቃ አይደለም። ታላቅን በሰው ፊት ሲመልሱ ደግሞ ቀልዱን ወደ ራስ ማዞር ይበጃል።

መልሱ መጉዳቱ የሚታወቀው በሳቁ ነው። ሌሎቹ እየሳቁ የተመለሰለት ሰው ዝም ካለ ወይም ዘግይቶ በግድ ፈገግ ካለ፣ ነገሩ ከብዷል። ያን ጊዜ ሌላ ቀልድ መደረብ ቁስሉን ያሰፋል፤ «አበዛሁት፣ ይቅርታ» ማለት ይሻላል። የመጣው ነገር ራሱ እውነተኛ ስድብ ከሆነም በቀልድ መሸፈን አያስፈልግም፤ «ይህ ንግግር አስከፍቶኛል» ማለት በቂ ነው።

ልምምዱ ቀላል ነው። ማታ ያመለጠህን አንድ ልክፊያ አስታውስ። የተጋነነው የቱ ጋ እንደሆነ ለይ፣ «አዎ» በል፣ አንድ እርምጃ ግፋው። ያገኘኸውንም ከአንድ ዓረፍተ ነገር አታስበልጠው። ደጋግመህ ስትሠራው በሚቀጥለው ጨዋታ ጆሮህ ራሱ ይፈልገዋል። ከአፍህ ከማውጣትህ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቅ፦ ይህን ስናገር ሰውየውም አብሮኝ ይስቃል? የማይስቅ ከሆነ ተወው።