አንዱ ምንጭ ያሳያል፣ ሌላው ይገምታል

አንዲት የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ጨርሳ ለአማካሪዋ ላከች እንበል። አማካሪው ፋይሉን ተርኒቲን በተባለው ሶፍትዌር ላይ ጭኖ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። ሁለት ቁጥሮች ይመጡለታል፤ አንዱ 24 ፐርሰንት፣ ሌላው 68 ፐርሰንት ይላል። የመጀመሪያው ጽሑፉ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ይናገራል። ሁለተኛው ደግሞ ምን ያህሉ እንደ ቻትጂፒቲ ባለ ማሽን የተጻፈ እንደሚመስል። ሁለቱም በፐርሰንት ስለተጻፉና ከአንድ ድርጅት ስለወጡ አማካሪው እኩል ሊያምናቸው ይችላል። በእኔ እምነት ብዙ ተማሪ ያላግባብ የሚከሰሰው እዚህ ላይ ነው። የቁጥሮቹ አፈጣጠር ፈጽሞ የተለያየ ነውና።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ተርኒቲን እ.ኤ.አ. በ1998 በካሊፎርኒያ የተመሠረተ ድርጅት ነው። በማኅደሩ ውስጥ ድረ ገጾች፣ የምርምር መጽሔቶችና ከዚህ በፊት ተማሪዎች ያስገቧቸው ሥራዎች አሉ። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር አዲሱን ጽሑፍ ከማኅደሩ ጋር የሚያስተያየው እንደ ሰው እያነበበና እየተረዳ አይደለም። ጽሑፉን ተደራራቢ በሆኑ አጫጭር ቁራጮች ይከታትፈዋል፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ያ ቁጥር በማኅደሩ ውስጥ ይኖር እንደሆነ ይፈልጋል። ካለ፣ ቁራጩ ከየትኛው ጽሑፍ እንደመጣ ያውቃል።

በአንድ ዓረፍተ ነገር እንሞክረው፤ «የዓባይ ወንዝ ከጣና ሐይቅ ተነስቶ ወደ ሱዳን ይፈስሳል።» ስምንት ቃል ነው። ሦስት ሦስት ቃል አድርገን ብንቆርጠው ስድስት ቁራጭ ይወጣዋል፤ «የዓባይ ወንዝ ከጣና»፣ «ወንዝ ከጣና ሐይቅ»፣ «ከጣና ሐይቅ ተነስቶ» እያለ ይቀጥላል። ተማሪው «ተነስቶ» የሚለውን በ«ጀምሮ» ቢተካ ያ ቃል የነበረባቸው ሦስት ቁራጮች ይጠፋሉ፤ ሦስቱ ግን እንዳሉ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቃል ለውጦ የገለበጠ ሰው ይያዛል። ዓረፍተ ነገሩን ከሥር መሠረቱ በራሱ ቃል የጻፈ ወይም ከሌላ ቋንቋ የተረጎመ ግን፣ ሐሳቡ የተወሰደ ቢሆንም እንኳ፣ በዚህ መንገድ አይያዝም።

አማርኛ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። እዚያው ዓረፍተ ነገር ላይ ምንም ቃል ሳንቀይር «የዓባይ»ን «የአባይ»፣ «ሐይቅ»ን «ሀይቅ» ብለን እንጻፍ። ለአንባቢ ልዩነት የለውም። ለኮምፒዩተሩ ግን ዓ እና አ፣ ሐ እና ሀ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሞክሼ ፊደላትን አስቀድሞ አንድ የማያደርግ ሶፍትዌር ከስድስቱ ቁራጮች ሁለቱን ብቻ ያገኛል። በዚያ ላይ ከአማርኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ በወረቀት ብቻ ነው ያሉት፤ ማኅደሩ ውስጥ የሌለውን ደግሞ ማንም ሶፍትዌር ሊያገኘው አይችልም። በአማርኛ ሥራ ላይ ዜሮ ፐርሰንት ሲመጣ ትርጉሙ «በማኅደሩ ያለ አልተገኘም» ነው። «ከየትም አልተወሰደም» ማለት አይደለም።

ወደ ተማሪዋ 24 ፐርሰንት እንመለስ። አማካሪው ሪፖርቱን ሲከፍት የተመሳሰለው ሁሉ በቀለም ተለይቶ ይታየዋል፤ ከጎኑም ምንጩ ተጽፏል። ይጫነዋል፤ ምንጩ ይከፈታል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያነባል። 11ዱ ፐርሰንት የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር ሊሆን ይችላል፤ ያው መጽሐፍ በሺህ ሰው ዝርዝር ውስጥ አለና መመሳሰሉ የግድ ነው። 6ቱ በትምህርተ ጥቅስ ተይዞ ምንጩ የተጠቀሰ ሊሆን ይችላል። 3ቱ ዩኒቨርሲቲው ሁሉም ተማሪ እንዲያስገባው የሚያዘው የቃል ኪዳን ገጽ ነው እንበል። የቀረው 4 ፐርሰንት ከአንድ የምርምር መጽሔት ያለ ጥቅስ የተገለበጠ አንድ ሙሉ አንቀጽ ቢሆን፣ ጥፋቱ ያ ነው። ዋናው ነገር የቁጥሩ ትልቅነት አይደለም። አምስት ፐርሰንት ያለው ሥራ ስርቆት ሊኖርበት፣ ሠላሳ ያለው ደግሞ ንጹሕ ሊሆን ይችላል።

አንድ የተለመደ ስህተትም እዚህ ላይ መነገር አለበት። አማካሪው ረቂቁን ሲጭን በማኅደሩ እንዲቀመጥ ከፈቀደ፣ የመጨረሻው ቅጂ ሲጫን ከራሱ ረቂቅ ጋር ይገጥምና መመሳሰሉ ወደ መቶ ሊጠጋ ይችላል። ረቂቅ ሲጫን በማኅደር እንዳይቀመጥ የሚያደርገውን ምርጫ መምረጥ ነው መፍትሔው። ሳይመረጥ ቢቀርም ሪፖርቱን የከፈተ ሰው ምንጩ የተማሪዋ የራሷ ሥራ መሆኑን ያያል። የዚህ መሣሪያ ጥንካሬ ይህ ነው፤ ቢሳሳትም ስህተቱን በዓይን ማየትና ማረም ይቻላል።

አሁን ወደ 68 ፐርሰንቱ እንሂድ። ተርኒቲን ይህን ሁለተኛ መሣሪያ የጨመረው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ነው። እዚህ የሚፈለግ ምንጭ የለም። ቻትጂፒቲ ለእያንዳንዱ ጠያቂ አዲስ ዓረፍተ ነገር ስለሚያወጣ፣ ይገጥም ይሆን ተብሎ የሚታይ የተቀመጠ ጽሑፍ አይገኝም። ስለዚህ መሣሪያው ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ይህ ጽሑፍ በአጻጻፉ ማንን ይመስላል?

«ጥናቱ የተካሄደው በአዲስ» ብዬ ባቆም፣ ቀጣዩ ቃል «አበባ» መሆኑን አብዛኛው አንባቢ ይገምታል። «ዓለም» ብዬ ብቀጥል በመጠኑ ይደነቃል። የቋንቋ ሞዴል የሚባለው ፕሮግራምም በየቃሉ እንዲሁ እየገመተ ይሄዳል። ጽሑፍ ሲያወጣም አብዛኛውን ጊዜ ሊመጣ የሚችለውን ቃል ይመርጣልና ጽሑፉ ብዙም አያስደንቅም። ገማቹ መሣሪያ ይህን ገልብጦ ይጠቀምበታል፤ የተሰጠውን ጽሑፍ በሞዴል ያስነብብና በየቃሉ ምን ያህል እንደተደነቀ ይለካል። ባለሙያዎች ይህን ልኬት ፐርፕሌክሲቲ ይሉታል። ድንቁ ዝቅ ያለና ከዓረፍተ ነገር ዓረፍተ ነገር ብዙም የማይለዋወጥ ከሆነ «ማሽን ይመስላል» ይላል። የፕሪንስተን ተማሪ የነበረው ኤድዋርድ ቲያን በጥር 2023 ያወጣው ጂፒቲዜሮ የተነሳው ከዚህ ሐሳብ ነው። ሌሎች መሣሪያዎች ደግሞ ብዙ የሰውና የማሽን ጽሑፍ ናሙና አይተው እንዲለዩ የሠለጠኑ ናቸው። መንገዱ ቢለያይም ውጤቱ ያው ግምት ነው።

ልዩነቱ እንደ ችሎት ነው። የመጀመሪያው የጠፋውን ዕቃ ከነባለቤቱ ያቀርባል፤ ሁለተኛው ግን «አረማመዱ የሌባ ይመስላል» ብሎ ይመሰክራል።

የማያስደንቅ ጽሑፍ የሚጽፈው ማሽን ብቻ ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረም። ግን በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው እርግጠኛ የሆነባቸውን የታወቁ ቃላት ይመርጣል፤ ዓረፍተ ነገሩንም ቀለል አድርጎ ይሠራል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እነ ዌይሺን ሊያንግና ጄምስ ዙ እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ጥናት ሰባት ገማች መሣሪያዎችን ፈትነዋል። ለቶፍል ፈተና እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ሰጧቸው። መሣሪያዎቹ በአማካይ 61 ፐርሰንት የሚሆኑትን «የማሽን ነው» አሉ። ከ91ዱ 89ኙን ቢያንስ አንድ መሣሪያ ጠርጥሯቸዋል። የአሜሪካ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ድርሰቶች ግን ሁሉንም ማለት ይቻላል የሰው መሆናቸውን በትክክል ለዩ።

ተመራማሪዎቹ በዚህ አላበቁም። እነዚያኑ የቶፍል ድርሰቶች ለቻትጂፒቲ ሰጥተው የቃላት ምርጫቸውን እንዲያበለጽግ አደረጉ። የስህተት ክሱ ወደ 12 ፐርሰንት ገደማ ወረደ። ሰው ብቻውን ሲጽፍ ማሽን ተባለ፤ ማሽን ሲያግዘው ሰው መሰለ። ተርኒቲን ከተፈተኑት ሰባቱ መካከል እንዳልነበረ በሚዛን መናገር ይገባል፤ መሣሪያዎቹም ከዚያ ወዲህ ተለዋውጠዋል። ምክንያቱ ግን እኛን በቀጥታ ይነካናል፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሥራውን በአብዛኛው የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም «የዚህ ጥናት ዓላማ» ብለህ ጀምር፣ እንዲህ ብለህ ጨርስ ተብሎ በተሰጠው ቅርጽ። ሞዴሉን የማያስደንቀው ይኸው የተማረው ቅርጽ ነው።

መሣሪያው ጥሩ ቢሆንም ግምቱ ሰው ይጎዳል። ተርኒቲን ንጹሕ ሥራን በስህተት የሚጠረጥርበት መጠን ከ1 ፐርሰንት በታች ነው ብሎ ነበር። በአሜሪካ ቴነሲ የሚገኘው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ይህን ቁጥር በራሱ ሥራ ላይ አሰላው። እ.ኤ.አ. በ2022 ለተርኒቲን ያስገባው 75,000 ጽሑፍ ነበር፤ የዚያ 1 ፐርሰንት 750 ነው። ዩኒቨርሲቲው በነሐሴ 2023 ገማቹን ዘጋው። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱም በዚያው ዓመት ጥር ላይ የራሱን መለያ አውጥቶ ነበር፤ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ በሐምሌ አነሳው።

አማካሪው 68 ፐርሰንቱን ሲከፍት ቀለም የተቀባ ዓረፍተ ነገር ያገኛል፤ የሚጫነው ምንጭ ግን የለም። 68 ፐርሰንት ማለት «በ68 ፐርሰንት እርግጠኝነት የማሽን ነው» ማለትም አይደለም። ከጽሑፉ 68 ፐርሰንቱ የማሽን ይመስላል የሚል የመሣሪያው ግምት ነው። ተማሪዋም ብትከሰስ «ያ የእኔ አይደለም» ብላ የምትከራከርበት ሁለተኛ ጽሑፍ አይኖራትም።

ታዲያ አማካሪ ምን ያድርግ? ጥርጣሬ ካለው ተማሪዋን አስቀምጦ ስለ ሥራዋ ይጠይቃት፤ ይህን ናሙና ለምን መረጥሽ፣ ይህ ሠንጠረዥ ምን ያሳያል፣ ይህን ምንጭ የት አገኘሽው? የጠቀሰቻቸውን ምንጮችም ይፈልጋቸው፤ ማሽን የሌለ መጽሐፍ ፈጥሮ የመጥቀስ ልማድ አለው፤ የሌለ ምንጭ ከተገኘ ደግሞ ያ በእጅ የሚያዝ ማስረጃ ነው። ረቂቆቿንም ያሳየችው። ተማሪዎችም በበኩላችሁ ረቂቃችሁን በየቀኑ በተለያየ ፋይል አስቀምጡ፤ ጎግል ዶክስ ላይ የምትጽፉ ከሆነ የለውጥ ታሪኩ ራሱ ይመዘገባል። የመስክ ማስታወሻችሁንም እስክትመረቁ አትጣሉ።

መመሪያ የምታወጡ የዲፓርትመንት ኃላፊዎች ደግሞ «ከዚህ ፐርሰንት በላይ ይወድቃል» የሚለውን ደንብ ስታረቅቁ ለሁለቱ ቁጥሮች ሁለት የተለያየ አንቀጽ ጻፉላቸው። የመጀመሪያው ሪፖርት ምንጩ ተከፍቶ እስካልተነበበ አይፈረድበት፤ ሁለተኛው ብቻውን ለቅጣት ምክንያት አይሁን።