ነበር ባለበት ሁሉ ኢምፓርፌ የለም

ነቀምቴ ውስጥ ፈረንሳይኛ የማስተምራቸው ጀማሪዎች አብዛኞቹ ኦሮምኛና አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ናቸው። ከግምቢ፣ ከነጆና ከሻምቡ የመጡም አሉባቸው። የአሁኑን ጊዜ ያለ ብዙ ችግር ይይዙታል። ያለፈ ነገር መተረክ ሲጀምሩ ግን ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይደናቀፋሉ፤ ፓሴ ኮምፖዜ የቱ ጋ ይገባል፣ ኢምፓርፌስ የቱ ጋ? ደብተራቸውን ሳርም የማየው ስህተት የዘፈቀደ አይደለም። ከራሳችን ቋንቋዎች አሠራር የሚመጣ ስለሆነ ምንጩን ጣት ጠቁሞ ማሳየት ይቻላል።

አንድ ተማሪ ስለ ቅዳሜ ውሎው ሲጽፍ በአማርኛ ያሰበው ይህንን ነበር፦ «ጠዋት ተነስቼ፣ ቡና ጠጥቼ፣ ከግምቢ ወደ ነቀምቴ መጣሁ። መናኸሪያ ስደርስ ይዘንብ ነበር።» በፈረንሳይኛ የጻፈው ደግሞ በእኛ ፊደል ሲቀመጥ እንዲህ ይነበባል፦ «ዠ መ ለቬ፣ ዠ ቡቬ ዱ ካፌ፣ ዠ ስዊ ቨኑ አ ነቀምቴ። ካን ዣሪቬ፣ ኢል ፕለቬ።» ከአምስቱ ግሦች ሦስቱ ተሳስተዋል፤ ትክክል የሆኑት «መጣሁ» እና «ይዘንብ ነበር» ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እንያቸው። «ተነስቼ» እና «ጠጥቼ» ቦዝ አንቀጽ ናቸው። ቦዝ አንቀጽ ዓረፍተ ነገር አይዘጋም፤ ሰሚውን ቀጣዩን እንዲጠብቅ ያደርገዋል፣ የሚዘጋው መጨረሻ ላይ ያለው «መጣሁ» ነው። ተማሪው ይህን «ገና አላለቀም» የሚል ስሜት ይዞ ወደ ፈረንሳይኛ ይሻገርና ያላለቀ ነገር የሚነገርበትን ኢምፓርፌን ይመርጣል። ያላለቀው ግን ዓረፍተ ነገሩ እንጂ ድርጊቱ አይደለም። መነሳቱም ቡናው ተጠጥቶ ማለቁም ከመምጣቱ በፊት የተፈጸሙ ነገሮች ናቸው። ፈረንሳይኛ እያንዳንዱን እርምጃ ለብቻው ዘግቶ ይናገራል፦ «ዠ መ ስዊ ለቬ፣ ዤ ቡ ዱ ካፌ፣ ዠ ስዊ ቨኑ።» የተማሪውን ጽሑፍ የሚያነብ ፈረንሳዊ የሚረዳው ሌላ ነገር ነው፤ «በዚያን ዘመን እነሳ ነበር፣ ቡና እጠጣ ነበር» የሚል የልማድ ወሬ ይመስለዋል።

ሦስተኛው ስህተት ይበልጥ ስውር ነው። «ስደርስ» የሚለው ግስ ያለፈ ነገር ቢናገርም ቅርጹ ከ«እደርሳለሁ» ጋር አንድ ነው። ኦሮምኛውም «ዬሮን ገኡ» ሲል እንዲሁ ያለፈ ጊዜ ቅርጽ አይጠቀምም። ተማሪው ቅርጹን ተከትሎ «ካን ዣሪቬ» ብሎ በኢምፓርፌ ይጽፋል። ይህ ደግሞ ለፈረንሳይኛ አንባቢ «በደረስኩ ቁጥር» ይሆንበታል። መድረስ አንዴ የሆነ ነገር ነውና «ካን ዠ ስዊ አሪቬ» መባል አለበት። እዚህ ላይ ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። «ካን ዠ ስዊ አሪቬ፣ ኢል ፕለቬ» ማለት ስደርስ ዝናቡ ቀድሞ ይዘንብ ነበር ማለት ነው። «ካን ዠ ስዊ አሪቬ፣ ኢል አ ፕሉ» ካልን ከደረስኩ በኋላ ዘነበ። «ካን ዣሪቬ፣ ኢል ፕለቬ» ካልን ደግሞ በመጣሁ ቁጥር ዝናብ ነበር። ሦስቱም ሰዋስዋቸው ልክ ነው። የትኛው እንደሚመረጥ የሚወስነው መናኸሪያው ላይ የሆነው ነገር ነው።

ለዚህ የምሰጣቸው መፈተኛ ቀላል ነው። በሁለት ግሦች መካከል «ከዚያ» ብለህ ማስገባት ከቻልክ ታሪኩ ወደፊት ተራምዷል፣ ፓሴ ኮምፖዜ ነው። የሚስማማው «በዚያ ሰዓት» ከሆነ ታሪኩ ቆሞ ዙሪያውን እያሳየ ነው፣ ኢምፓርፌ ነው። ተነሳሁ፣ ከዚያ ጠጣሁ፣ ከዚያ መጣሁ፤ በዚያ ሰዓት ይዘንብ ነበር። አንዳንድ መጻሕፍት «ትናንት» ካለ ፓሴ ኮምፖዜ፣ «ሁልጊዜ» ካለ ኢምፓርፌ የሚል ዝርዝር ይሰጣሉ። እኔ ይህን ዝርዝር ለጀማሪ አልሰጥም። «ትናንት ይዘንብ ነበር» በኢምፓርፌ ፍጹም ትክክል ነው፤ «ነቀምቴን ሁልጊዜ ወድጃታለሁ» ለማለትም ፈረንሳይኛ «ዤ ቱዡር ኤሜ ነቀምቴ» ብሎ ፓሴ ኮምፖዜ ይጠቀማል።

መፈተኛዬ የማይደርስበት ቦታም አለ፤ እሱም የተቆጠረ ጊዜ ነው። ይህን የማሳየው ወለጋዎች ሁሉ በሚያውቁት ሰው፣ በኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪክ ነው። ኦኔሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 ካሳተመ በኋላ በ1904 ወደ ወለጋ መጣ፣ በ1931 ነቀምቴ ላይ አረፈ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ተማሪዎቼ «መጣ» እና «አረፈ» የሚሉትን አይስቱም። በዚያ ዘመን ነቀምቴን ኩምሳ ሞሮዳ ያስተዳድር ነበር ሲሉም «ኩምሳ ጉቨርኔ» ብለው በኢምፓርፌ ያስቀምጡታል፣ ልክ ነው። የሚሳሳቱት «ከ1904 እስከ 1931 ወለጋ ይኖር ነበር» የሚለው ላይ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ረጅም ነው፣ አማርኛውም «ነበር» አለበት፤ ስለዚህ «ኢል ቪቬ» ይላሉ። ፈረንሳይኛ ግን የርዝመት ጉዳይ ግድ አይሰጠውም። ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ተሰጥቶት ከተቆጠረ የተዘጋ ነው፦ «ኢል አ ቬኩ»። ቁጥሩን ትተን «ኩምሳ ሲያስተዳድር ኦኔሲሞስ ነቀምቴ ይኖር ነበር» ካልን ወደ «ኢል ቪቬ» እንመለሳለን። ድንበሩ ከተነገረ አንዲት ሰዓትም ሃያ ሰባት ዓመትም እኩል ናቸው።

«ነበር» ሌላም ወጥመድ አለው። «ደውሎ ሲመጣ በልቼ ነበር» ሲባል መብላቱ ቀድሞ አልቋል፤ ይህ ከሁለቱም የማይመደብ ሌላ ጊዜ፣ ፕሉስ ከ ፓርፌ የሚባለው ነው፦ «ዣቬ ማንዤ»። የኦሮምኛው «ቱሬ»ም ከአማርኛው «ነበር» ጋር በዚህ ይመሳሰላል። «እበላ ነበር» እና «በልቼ ነበር» በ«ነበር» ቢጨርሱም ፊት ያለው ግስ ነው የሚለያቸው፤ ተማሪ ዓይኑን «ነበር» ላይ ሳይሆን ከፊቱ ያለው ግስ ላይ መጣል አለበት።

ጆሮም የራሱ ችግር አለው። «በላሁ» «ዤ ማንዤ» ነው፣ «እበላ ነበር» ደግሞ «ዠ ማንዤ»። የመጨረሻው ድምፅ ለእኛ ጆሮ አንድ ስለሚመስል ተማሪዎች ቃሉን ጨርሰው ሰምተው እንኳ መለየት አይችሉም። መለያው ከፊት ነው፤ እንዲህ ባሉ ግሦች «ዤ» ከሆነ ፓሴ ኮምፖዜ፣ «ዠ» ከሆነ ኢምፓርፌ። ይህን በፊደላችን ጽፌ ሳሳያቸው ልዩነቱ ዓይናቸው ውስጥ ይገባል። በቃል ጽሕፈት ላይ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው።

ፈረንሳይኛ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ የኢምፓርፌን ቅጥያዎች ሠንጠረዥ ከማስሸምደዳችሁ በፊት ተማሪው አንድ ቀኑን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ይጻፍ፤ ቦዝ አንቀጾቹንና «ስ» የቀደማቸውን ግሦች ሁሉ ያስምርባቸው፤ ከዚያ እያንዳንዱን በየተራ «ከዚያ ነው? ወይስ በዚያ ሰዓት?» እያላችሁ ጠይቁት። ወደ ፈረንሳይኛ የሚሻገረው ይህን ከመለሰ በኋላ ይሁን።