ስንጥቁን የሚቆርጥ ስሌት፣ ስንጥቁን የሚከተል ስሌት

በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ ከመሬት በታች በቅልጥ አለት ተሞላ። በሰፊው ቦታው ላይ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ ዙሪያ ለወራት ምድር ስትንቀጠቀጥ ቆየች፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ሰውን ከቤት አስወጥቷል። እንዲህ ያለ ክስተት ሲደርስ መሣሪያዎች የሚመዘግቡት ረጅም ዝርዝር ነው፦ ሰዓት፣ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ጥልቀት፣ መጠን። የትኛው መንቀጥቀጥ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ዝርዝሩ አይናገርም። ያንን የሚለየው ሰው ነው፤ ነጥቦቹ በሺህ ሲቆጠሩ ግን ሥራውን ለኮምፒውተር ይሰጣል።

እዚህ ላይ ነው የስልቱ ምርጫ የሚመጣው። ቅልጥ አለት ጠባብ ስንጥቅ እየከፈተ ወደ ጎን ሲገሰግስ መንቀጥቀጦቹ በመስመር ይሰለፋሉ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ኬ-ሚንስ የተባለው ስልት ግን መስመር አያውቅም። እያንዳንዱን ቡድን በአንድ መካከለኛ ነጥብ ይወክላል፣ ነጥቦችን ሁሉ ለሚቀርባቸው መካከለኛ ያድላል፣ ከዚያም ከየመካከለኛው ያላቸው ርቀት ካሬ ተደምሮ እንዲያንስ ያስተካክላል። ስንት ቡድን እንዳለም አስቀድመን ልንነግረው ይገባል።

ነገሩን በአሥራ ሁለት ነጥቦች እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው፣ የተመዘገበ መረጃ አይደሉም። በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ፣ በኪሎ ሜትር፣ 0፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10፣ 12 እና 14 ላይ መንቀጥቀጥ ደረሰ እንበል። ይህ ስንጥቁ ነው። በ20፣ 21 እና 22 ሌሎች ሦስት አሉ፤ ለምሳሌ በአንድ ተራራ ሥር የተጠጋጉ። በ35 ደግሞ ከማንም የማይገናኝ አንድ አለ። ይህን ያየ ሰው ስንጥቅ፣ ተራራ እና አንድ ብቸኛ ይላል።

ኬ-ሚንስን ሦስት ቡድን ብንጠይቀው ምን ይመልሳል? በሰው ዓይን ትክክል የሆነው አከፋፈል የካሬ ድምሩ 170 ነው። 14ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያለውን ነጥብ ከስንጥቁ ነጥቆ ለተራራው ቡድን የሰጠ አከፋፈል ግን 150.75 ያስመዘግባል፤ ስለዚህ በኬ-ሚንስ ሚዛን የተሻለው እሱ ነው። ነጥቡ ከ12ኛው 2 ኪሎ ሜትር፣ ከ20ኛው 6 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ነገር ግን ስልቱ ጎረቤትን አይቆጥርም፤ የስንጥቁ መካከለኛ 6 ላይ ስለሆነ 8 ኪሎ ሜትር ይርቀዋል፣ የሌላው መካከለኛ ግን 5.25 ብቻ። ሁለት ቡድን ብንጠይቀው ደግሞ ስንጥቁን በሙሉ ይተውልናል፤ ሆኖም ብቸኛውን ከተራራው ጋር ይደባልቅና መካከለኛውን 24.5 ላይ ይተክላል። እዚያ ቦታ ምንም አልተንቀጠቀጠም። ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም፤ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። ጥያቄው ነው ለስንጥቅ የማይሆነው።

በ1996 እ.ኤ.አ. ማርቲን ኤስተር፣ ሃንስ-ፔተር ክሪገል፣ ዮርግ ዛንደር እና ሻውዌ ሹ ያቀረቡት ዲቢስካን ጥያቄውን ይለውጠዋል። መካከለኛ አይፈልግም፣ የቡድን ቁጥርም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ጎረቤት የሚባለው እስከ ስንት ርቀት ድረስ ያለው ነው? ቦታው ጥቅጥቅ ያለ እንዲባልስ ስንት ነጥብ ይበቃል? በእኛ ምሳሌ 3 ኪሎ ሜትር እና 3 ነጥብ እንበል፤ ነጥቡ ራሱም ይቆጠራል። 2ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ከግራ 0ን፣ ከቀኝ 4ን ያገኛል፤ ከራሱ ጋር ሦስት ስለሆነ እምብርት ነጥብ ነው። እምብርት ጎረቤቶቹን ወደ ቡድኑ ይስባል፤ ከነሱ መካከል እምብርት የሆነው ደግሞ የራሱን ይስባል፤ እንዲህ እየተያያዘ ስንጥቁ እስከ 14 ይዘልቃል። 0 እና 14 ራሳቸው በቂ ጎረቤት የላቸውም፤ ቢሆንም እምብርት ስለነካቸው የድንበር ነጥብ ሆነው ይገባሉ። ከ14 እስከ 20 ያለው ክፍተት 6 ስለሆነ ተራራው ለብቻው ይቆማል። 35ኛው ባይተዋር ነው፤ ሶፍትዌሩ `-1` ብሎ ይመልሰዋል። ይህቺ `-1` ለእኔ የስልቱ ትልቋ ስጦታ ናት፤ ኬ-ሚንስ አንድን ነጥብ የማንም አይደለም ማለት አይችልም።

ስጦታው ግን በርቀቱ ምርጫ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ርቀቱን 1.5 ብናደርገው ስንጥቁ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ስምንቱም ነጥቦች ባይተዋር ይባሉና ተራራው ብቻ ይቀራል። 6 ብናደርገው ስንጥቁና ተራራው ይዋሃዳሉ። ምልክቱ በውጤቱ ላይ ይታያል፦ ግማሹ ዝርዝር `-1` ከሆነ ርቀቱ አጥሯል፣ ሁሉም አንድ ቡድን ከገባ ረዝሟል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሁለተኛው ነው፤ ኬክሮስና ኬንትሮስን በዲግሪ እንዳለ ያስገባ ሰው 3 ሲል 3 ኪሎ ሜትር ያሰበው ወደ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆንበታል። ሌላም ገደብ አለ። የመመዝገቢያ ጣቢያዎች ጥቂት ከሆኑ የመንቀጥቀጡ ቦታ ራሱ በኪሎ ሜትሮች ሊሳሳት ይችላል፤ ከዚያ ስህተት ያነሰ ርቀት መምረጥ ስህተቱን መቧደን ነው።

የአንዱ ቡድን ነጥቦች በጣም ተጠጋግተው የሌላው ከተራራቁስ? ያኔ አንድ ርቀት ለሁለቱም አይበቃም፣ ዲቢስካንም ይቸገራል። እዚህ ዛፉ ይጠቅማል። ተዋረዳዊው ስልት እያንዳንዱን ነጥብ ለብቻው አስቀምጦ ይጀምርና በጣም የሚቀራረቡትን እያጣመረ ይወጣል፤ ጥምረቱ የተፈጸመበትን ርቀት በቁመት የሚያሳየው ሥዕል ዴንድሮግራም ይባላል። በሁለት ቡድኖች መካከል ያለውን ርቀት በቅርብ ነጥቦቻቸው ብንለካ፣ የእኛ ዛፍ ተራራውን በ1፣ ስንጥቁን በ2 ቁመት ያገጣጥማል። ሁለቱ የሚገናኙት በ6 ነው፤ ብቸኛው የሚገባው በ13። ከ2 እስከ 6 ምንም ጥምረት የለም፤ ያ ረጅም ባዶ ግንድ የት መቁረጥ እንደሚሻል ያመለክታል። ከሁሉ በላይ ዛፉ አንድ መልስ አይጭንብንም። ንዑስ ስንጥቅ በስንጥቅ ውስጥ፣ ስንጥቅ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ሲሆን እያንዳንዱን ደረጃ በየቁመቱ እናነባለን።

በቅርብ ነጥብ መለካት የራሱ ጣጣ አለው። በስንጥቁና በተራራው መካከል ጥቂት ተራ ነጥቦች ከተሰለፉ ድልድይ ሠርተው ሁለቱን ያስተሳስራሉ። ለዚህ ዲቢስካን የተሻለ መከላከያ አለው፤ የሚፈለገውን የነጥብ ብዛት ከፍ ካደረግን ቀጭኑ ድልድይ እምብርት አጥቶ ይበጠሳል። ርቀቱን በሩቅ ነጥቦች ወይም በዋርድ ዘዴ የሚለካ ዛፍ ደግሞ ድልድዩን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ድብልብል ቡድን ስለሚወድ ረጅሙን ስንጥቅ እንደ ኬ-ሚንስ ይቆራርጠዋል።

የዛፉ ሌላ ወጪ ማህደረ ትውስታ ነው። 10,000 መንቀጥቀጥ ወደ 50 ሚሊዮን የጥንድ ርቀት አለው፤ 100,000 ከሆነ 5 ቢሊዮን ገደማ፣ ሁሉም እንዳለ ከተቀመጠ 40 ጊጋባይት ያህል። ነጥቦቹ በሚሊዮን ሲሆኑ፣ ቡድኖቹ ድብልብልና ተመጣጣኝ ሲሆኑ፣ የምንፈልገውም ራሱ መካከለኛው ቦታ ሲሆን ኬ-ሚንስን የሚተካ ብዙም የለም። የመንቀጥቀጥ ዝርዝር ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ግን ከስልቱ በፊት የሚመጣ አንድ ሥራ አለ፦ የጥልቀቱን ዓምድ ማየት። ጥልቀቱ በደንብ ያልታወቀ መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ 10 ኪሎ ሜትር ተብሎ ይመዘገባል፤ ያ ቁጥር ተደጋግሞ ከታየ ጥልቀትን ከርቀቱ ስሌት ማውጣት ይሻላል፤ አለበለዚያ ዲቢስካንም ዛፉም ምድር ውስጥ የሌለ ጠፍጣፋ ንጣፍ ያገኛሉ።